መዋጮው የት ደረሰ? የትምህርት ቤት ቃለ ጉባኤ እንዴት ይጻፋል፣ እንዴትስ ይነበባል?

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በየትምህርት ቤቱ በአጭሩ ወተመህ እየተባለ የሚጠራው ኮሚቴ፣ የሚወያይበትና የሚወስነው ሁሉ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አብዛኛው ስብሰባ ስለ ተማሪዎች ማርፈድና መቅረት፣ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ወላጆች በዓል ዝግጅት ስለሆነ መዝገቡን መልሶ የሚገልጠው ሰው ጥቂት ነው። መዋጮና ግንባታ አጀንዳ ሲሆኑ ግን ብዙ ሰው ይፈልገዋል። ባንክ የሒሳብ ፈራሚዎች ሲቀየሩ ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለክትትል ሲመጣ ያየዋል። ኦዲተር ወጪውን ከመመርመሩ በፊት ወጪውን የፈቀደውን ውሳኔ ይፈልጋል። ከስብሰባው የቀረ ወላጅም ከእርሱ ገንዘብ የተጠየቀው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚረዳው ከዚያው መዝገብ ነው። ስለዚህ ስለ ገንዘብ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ መመዘን ያለበት በስብሰባው ያልነበረ ሰው አንብቦት ማን፣ ምን ያህል፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች ማንንም ሳይጠይቅ መመለስ በመቻሉ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የሚባለው ጉዳይ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በመንግሥት ወጪ እንዲሸፈን ወስኗል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ወላጅ ለመማሪያ የሚከፍለው የለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የወረዳ በጀት በአብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል ለጥገና፣ ለወንበር፣ ለውኃና ለመፀዳጃ ቤት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም አማካይነት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ መሰጠት ተጀምሯል፤ መምህራን ስኩል ግራንት የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቱ ከግቢው ሣር፣ ከእርሻ ማሳ ወይም ከአዳራሽ ኪራይ የሚያገኘው የውስጥ ገቢ አለው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የማይሞሉት ክፍተት ሲኖር ወላጆች ይጠራሉ። በ1994 ዓ.ም. ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ የወጣው መመሪያም ለወላጅ ኮሚቴዎች በትምህርት ቤቱ ዕቅድና ሀብት ላይ የመምከርና የመከታተል ድርሻ ሰጥቷቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። መማር ነፃ ከሆነ መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ባልከፈለ ወላጅ ልጅ ላይ ቅጣት ሊያስከትል አይችልም። በተግባር ግን መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ከሰልፍ ተለይቶ ሲወጣ፣ ምዝገባ ሲከለከል፣ በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ካርዱ ሲያዝበት ይታያል። ይህን የሚያዝዝ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ በመዝገብ ላይ አይገኝም። መዝገቡ ዝም ማለቱ ራሱ ለክፍል ኃላፊው መምህር ወይም ለጸሐፊዋ እንደ ፈቃድ ተቆጥሮ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ክልከላው በጽሑፍ ካልሰፈረ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሌላው በቅድሚያ የሚለይ ጉዳይ ማን መወሰን ይችላል የሚለው ነው። ወተመህ ጥቂት የወላጅ፣ የመምህራንና የተማሪ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ነው። ሐሳብ ያዘጋጃል፣ ሒሳብ ያጣራል፣ አፈጻጸም ይከታተላል። በመላው ወላጅ ላይ የሚወድቅ መዋጮ ግን ወደ ወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ አለበት። ኮሚቴው ሐሙስ ከሰዓት ተሰብስቦ «እያንዳንዱ ወላጅ 400 ብር እንዲከፍል ተወስኗል» ብሎ ከጻፈ፣ የወሰነው ሥልጣኑ በማይፈቅደው ጉዳይ ላይ ነው። በዚያ ስብሰባ ትክክለኛው አጻጻፍ «ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ተስማምተናል» የሚለው ነው። ብዙ አለመግባባት የሚነሳው ሁለቱ ስብሰባዎች በአንድ ቃለ ጉባኤ ተቀላቅለው ሲጻፉ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት አንድ የምሳሌ ትምህርት ቤት እንውሰድ። በአንድ የወረዳ ከተማ የሚገኝ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። 1,240 ተማሪዎች አሉት፤ 610ዎቹ ሴቶች ናቸው። ልጆቹ የሚመጡት ከ800 ቤተሰቦች ነው። የሴቶቹ መፀዳጃ ቤት አራት መቀመጫ ብቻ ስላለው ለአንድ መቀመጫ ከ150 በላይ ልጃገረዶች ይደርሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ ያስቀመጠው ልክ ለ25 ልጃገረዶች አንድ መቀመጫ ነው። በፈረቃ መማሩ ቁጥሩን በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ክፍተቱ ሰፊ ነው። በእረፍት ሰዓት ተራ ያልደረሳቸው ልጆች ደወል ከተደወለ በኋላ ይቆያሉ ወይም እስኪፈቱ ይታገሣሉ፤ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በወር አበባ ቀናት ከቤት ይቀራሉ። ኮሚቴው ስድስት መቀመጫና አንድ የንጽሕና መጠበቂያ ክፍል ያለው አዲስ ቤት ለመሥራት ሐሳብ አቀረበ። የወረዳው የግንባታ ባለሙያ ሥራውን 480,000 ብር ገመተው።

ጥሩ ቃለ ጉባኤ የሚጀምረው ከስብሰባው ቀን በፊት ነው። የጥሪ ደብዳቤው አጀንዳውን በስም መጥቀስ አለበት፤ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል ስር የተደበቀ መዋጮ ወላጅን አይጠራም። ወላጅ ስለ ገንዘብ ውሳኔ ሊሰጥ እንደሚመጣ ካላወቀ የሚልከው ታላቅ እህትን ወይም ጎረቤትን ነው፤ ተወካዮቹም በድምፅ ሰዓት እጃቸውን ሲያነሡ ቤተሰቡ አያውቀውም። በምሳሌው ትምህርት ቤት ጥሪው ከአንድ ሳምንት በፊት በተማሪዎች እጅ ተላከ፣ በበሩ ላይ ተለጠፈ፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ስብሰባው እሑድ ጠዋት 4፡00 ሰዓት ተደረገ።

ከዚያ የሚመጣው የተሰብሳቢዎች መፈረሚያ ወረቀት ነው። ከቃለ ጉባኤው ሁሉ በጣም ደካማው ክፍል ይህ ነው፤ በአግባቡ ካልተያዘም አደገኛ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ባዶ ወረቀት አሰምረው ስምና ፊርማ ብቻ ያስሞላሉ። ቀን፣ አጀንዳ፣ የገጽ ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሳምንት በኋላ ከሌላ ውሳኔ ጀርባ ቢያያዝ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ስለ ፈተና ውጤት ለመስማት የመጣ ወላጅ ስለ ደንብ ልብስ ለውጥ እንደተስማማ ሆኖ ይገኛል። መከላከያው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የስብሰባው ቀንና አጀንዳ ይጻፋል፣ ገጾቹ «1/18»፣ «2/18» እየተባሉ ይቆጠራሉ፣ የመጨረሻው ሰው ከፈረመ በኋላ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር ይሰመራል፣ ሰብሳቢውና አንድ የወላጅ ተወካይ ከመስመሩ ስር ይፈርማሉ። ሊፈርም የቀረበ ወላጅም የወረቀቱን አናት ማየት መብቱ ነው።

መዝገቡ ራሱ የተጠረዘና ገጹ የተቆጠረ ሊሆን ይገባል። የተሳሳተ ቃል ወይም አኃዝ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከላይ ይጻፍና ጸሐፊውና ሰብሳቢው ከጎኑ አጭር ፊርማ ያኖራሉ። በነጭ ቀለም የተሸፈነ አኃዝ ምንም ያህል ንጹሕ ልብ ቢኖረው ኦዲተርን ያስጠረጥራል፤ በኮምፒውተር ተጽፎ የሚታተም ከሆነም እያንዳንዱ ገጽ መፈረም አለበት።

በምሳሌው ስብሰባ ከ800 ቤተሰቦች የ436ቱ ተወካዮች ተገኙ፤ ከግማሽ በላይ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። ሰብሳቢው ወደ መፀዳጃ ቤቱ አጀንዳ ሊገባ ሲል አንድ ወላጅ ተነሥተው «ያምናው የዴስክ ገንዘብ የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ በብዙ ቦታም የሚሆነው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ያለፈው መዋጮ ምን ላይ እንደዋለ ሳይነገር አዲስ መጠየቅ የሚቀጥለውን ሰብሳቢ እጅ ባዶ ያስቀራል። ማንኛውም የመዋጮ ቃለ ጉባኤ የመጀመሪያ አጀንዳ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም ሪፖርት መሆን አለበት።

ሪፖርቱ ሲቀርብ ያለፈው ዓመት 150,000 ብር ተሰብስቧል፤ እያንዳንዱ 2,300 ብር በሆነ ዋጋ 60 ዴስክ በ138,000 ብር ተገዝቷል፤ 12,000 ብር በባንክ አለ። በወረቀት ይህ ሙሉ ነው። ጥያቄው ዴስኮቹ የት አሉ የሚለው ነው። ዕቃ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ይረከባል፣ ለክፍል ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። የ19ኙ ቅጽ 60 ካለና የ22ቱ ቅጾች ድምር 52 ከሆነ ስምንቱ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለባቸው። በምሳሌው ትምህርት ቤት ሦስት ወላጆች ተመርጠው ወጥተው ቆጠሩ፤ ስምንቱ ዴስኮች እግራቸው ሳይገጠም በመጋዘን ተደርድረው ተገኙ። በልጆቹ ክፍል በአንድ ዴስክ አራት ልጆች እየተጨናነቁ ሳለ ዓመት ሙሉ የቆዩ ናቸው። ማንም ገንዘብ አልወሰደም፤ ነገር ግን ብረት የሚበይድ ሰው ለመጥራት የሚያዝ ውሳኔ ስላልነበረ ማንም ኃላፊነት አልተሰማውም። ይህ ቆጠራ ከነቆጣሪዎቹ ስም በቃለ ጉባኤው ገባ፤ እስከ መጪው አርብ እንዲገጠሙ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው።

ከዚህ በኋላ ስለ ክፍያው መነጋገር ተቻለ። የመዋጮ መጠን ሲወሰን በብዛት የሚሠራው ስሕተት የግንባታውን ወጪ በወላጅ ቁጥር አካፍሎ መጠየቅ ነው። 480,000 ለ800 ቤተሰብ ቢካፈል 600 ብር ይመጣል፤ ይህ ግን ከሌላ ምንጭ የሚገኘውንም፣ መክፈል የማይችለውንም፣ ሳይከፍል የሚቀረውንም አይቆጥርም። ጸሐፊው በሰሌዳ ላይ እያሳዩ የሠሩት ስሌት የተለየ ነበር። ከድጎማው ለዚህ የሚመደበው 150,000 ብር ነው፤ የውስጥ ገቢው ያምናውን ቀሪ 12,000 ጨምሮ 45,000 ብር ነው። ወላጆች ጉድጓዱን በጉልበት ቢቆፍሩና ድንጋዩን ቢያመላልሱ ባለሙያው ከግምቱ 35,000 ብር ይቀንሳሉ። እነዚህ ተደምረው 230,000 ይሆናሉ፤ የሚቀረው 250,000 ነው።

ቀጥሎ የሚከፍለው ስንት ነው የሚለው መጣ። አቅም የሌላቸው፣ በአሳዳጊ ወይም በአያት የሚያድጉ ልጆች ያሏቸው፣ በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች 100 እንደሚሆኑ የክፍል ኃላፊ መምህራን ግምት ሰጡ። 700 ቤተሰብ ይቀራል። በቀደመው ዓመት ከተጠየቁት አሥር ወላጆች ዘጠኙ ከፍለው ስለነበር ያንኑ ልክ ወስደው አሰሉ። 700 ቤተሰብ 400 ብር ቢከፍል 280,000 ይሆናል፤ ከዚህ ዘጠኝ አሥረኛው 252,000 ነው። ከሚፈለገው 2,000 ብር ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ 400 ብር በቂ ነው፣ ነገር ግን መጠባበቂያ የለውም፤ ሲሚንቶ ከተወደደ ሥራው ይቆማል። ይህ ድካም በቃለ ጉባኤው መጻፉ የኮሚቴውን ክብር አይቀንስም። ሥራው በሁለት ምዕራፍ እንዲከፈል ያደረገውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አራቱ መቀመጫዎችና የንጽሕና ክፍሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱ መቀመጫዎች።

በተማሪ ወይስ በቤተሰብ ይከፈል የሚለው ክርክር ረዘም አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢጠየቅ አነስተኛ መጠን ይበቃል፤ አንድ ልጅ ያለው ቤተሰብም ይቀልለዋል። በሌላ በኩል አራት ልጅ የሚያስተምር ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ አራት እጥፍ ይከፍላል፤ ብዙ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ በአብዛኛው አቅማቸው የጠበበ ነው። ጉባኤው በቤተሰብ እንዲሆን ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱ መጻፉ ይጠቅማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኮሚቴ መጥቶ ክርክሩን ከዜሮ እንዳይጀምረው ያደርጋል።

ድምፅ ሲሰጥ 371 ደገፉ፣ 48 ተቃወሙ፣ 17 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ብዙ ቃለ ጉባኤዎች በዚህ ቦታ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለው ያልፋሉ፤ ጭብጨባ እንደ ድምፅ ይቆጠራል። የተቃወሙት 48 ሰዎች ግን በሥራ ላይ የሚያስፈልግ ነገር ይዘው ነበር። ገሚሶቹ ክፍያው ከአዝመራ በፊት በአንድ ጊዜ መጠየቁን፣ ገሚሶቹ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ዘግይቶ መቅረቡን ነው የተቃወሙት። የመጀመሪያው ተቃውሞ ክፍያው በሁለት ጊዜ እንዲሆን አደረገ፤ ሁለተኛው በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ አስወሰነ። የልዩነት ሐሳብ በመዝገብ ካልሰፈረ እነዚህ ሁለት ማሻሻያዎች ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ ከዓመት በኋላም ይረሳሉ።

አሁን ውሳኔው በወረቀት ላይ ሲወርድ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የተለመደው እንዲህ ነው፦ «የመፀዳጃ ቤቱን ችግር አስመልክቶ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ወላጆች የበኩላቸውን 400 ብር እንዲያዋጡ በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል።» ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ ሥራ ላይ ግን አይውልም። 400ው በልጅ ነው በቤተሰብ? የማይችለው ማንን ይጠይቅ? ገንዘቡን ማን ይቀበል? ሥራው ባይጀመር ምን ይሆናል? አንዱም አልተመለሰም። ሁለተኛው አጻጻፍ ረዥምና ደረቅ ነው፦

«ለሴት ተማሪዎች መፀዳጃ ቤት ግንባታ እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃደኝነት 400 ብር በሁለት ክፍያ፣ 200 ብር እስከ ኅዳር 30 ቀን፣ 200 ብር እስከ የካቲት 30 ቀን እንዲያዋጣ በ371 ድጋፍ፣ በ48 ተቃውሞና በ17 ድምፀ ተዓቅቦ ተወስኗል። ክፍያው በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ቁጥር ያለው ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል። መምህራንም ሆኑ ተማሪዎች በእጃቸው ገንዘብ አይቀበሉም። አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ለክፍል ኃላፊው መምህር በግል አመልክተው ነፃ ይሆናሉ፤ ስማቸው አይለጠፍም፣ በስብሰባም አይጠራም። ባልከፈለ ቤተሰብ ልጅ ላይ ከትምህርት ገበታ መከልከል፣ ምዝገባ ማቆም ወይም ካርድ መያዝ የተከለከለ ነው። ግንባታው እስከ መጋቢት 30 ቀን ካልተጀመረ ኮሚቴው ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ምክንያቱን ያስረዳል።»

ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ነጥቦች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው መምህራን በእጃቸው ገንዘብ እንዳይቀበሉ መከልከሉ ነው። በተለምዶ የክፍል ኃላፊ መምህር በማስታወሻ ደብተር ስም እየጻፈ ብር ይሰበስባል፣ ሲሞላለት ለርዕሰ መምህሩ ያስረክባል። በዚህ መሐል ሰው ሲዘዋወር፣ ደብተር ሲጠፋ፣ ደመወዝ ሲዘገይ ጎድሎ የሚገኝ አለ፤ ንጹሑ መምህርም ሐሜት ይሸከማል። መምህሩን ከገንዘብ ማራቅ ወላጆቹን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም ይጠብቃል። ሁለተኛው ነፃ የሚደረጉት ቤተሰቦች ስም መሰወሩ ነው። የነፃ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ግልጽነት ነው ተብሎ በበር ላይ ሲለጠፍ ለልጆቹ ዓመት የማይለቅ መጠሪያ ይሆናል፤ በዚህ የተነሣ አቅም ያጣ ወላጅ ተበድሮ መክፈልን ይመርጣል። ኦዲተሩ ዝርዝሩን ማየት ከፈለገ ከርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ስር ያገኘዋል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

ባንክ ላይ ያለው ገንዘብ የሚወጣው በጥምር ፊርማ ነው፤ አንዱ ፈራሚ ከትምህርት ቤቱ አመራር፣ ሌላው ከወላጆች መሆኑ ይመከራል። የወላጅ ፈራሚው ልጁ 8ኛ ክፍልን ጨርሶ ሲወጣ ፊርማው ሳይቀየር መቅረቱ የተለመደ ችግር ነው። ከዚያ በኋላ ቼክ ለማስፈረም ሰው ወደ ቤቱ ይላካል፣ እርሱም ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም ሳያውቅ ይፈርማል። የፈራሚ ለውጥ በየዓመቱ የመስከረም ስብሰባ ላይ ቋሚ አጀንዳ ቢሆን ይህ አይደርስም።

ግዥውን በተመለከተ ቃለ ጉባኤው ዋጋ አይወስንም፤ ሥርዓቱን ነው የሚያስቀምጠው። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ግዥ ኮሚቴው አወዳድሮ በራሱ ቃለ ጉባኤ ይመርጣል፣ ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል። እዚህ ላይ ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባ ምልክት አለ። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች በአንድ እጅ ጽሑፍ ከተሞሉ፣ በአንድ ቀን ከወጡ፣ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ካለባቸው ውድድር አልነበረም። ሲሚንቶና ብሎኬት ደግሞ ከመጋዘን ይልቅ በቀጥታ ወደ ግንባታው ቦታ ስለሚራገፉ ሲራገፉ የሚቆጥር ሰው መመደብ አለበት፤ በወረቀት 100 ከረጢት ገብቶ በቦታው 90 ቢሆን ከሳምንት በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፣ ሁሉም ከአሸዋ ጋር ተለውሷል።

በግል ትምህርት ቤቶች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ወላጅ የሚከፍለው መዋጮ ሳይሆን የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ቃለ ጉባኤውም የሚጻፈው በአብዛኛው የወርኃዊ ክፍያ ጭማሪ ሲኖር ነው። በአዲስ አበባ ጭማሪ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ከወላጆች ጋር መወያየትና ውጤቱን ለከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ማቅረብ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ያ ሰነድ ከግቢ ይወጣል፤ ወላጅ ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም የሚለው የሚነበበው በእርሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አቅርቦ፣ ራሱ ጽፎ፣ ወላጆች ሳያነብቡት የሚላክ ከሆነ ውይይቱ ምንም አልጠቀመም።

እዚህ ዋናው ጥንቃቄ አኃዙ ላይ ነው። «30 በመቶ ጭማሪ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። በወር 3,000 ብር ለሚከፍል ወላጅ ጭማሪው 900 ብር ነው፤ በአሥር ወር 9,000 ብር ይሆናል፤ ሁለት ልጅ ላለው 18,000። የምዝገባ፣ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ክፍያ በዚህ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር ካልተጻፈ፣ የወር ክፍያው በተስማሙበት ቆይቶ ሌላው ከፍ ይላል። ወላጆች ለጭማሪው በምላሹ ቃል የተገባላቸው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ቤተ ሙከራ ወይም የንባብ ክፍል፣ ያ ከነጊዜ ገደቡ በዚያው ገጽ መስፈር አለበት። ጭማሪው በብር፣ ምላሹ በ«ወደፊት ይሻሻላል» ከተጻፈ ሚዛኑ ያዘነበለ ነው። ስምምነት ካልተደረሰም ሁለቱም ወገን ያቀረቡት አኃዝ ሳይዋሐድ ለየብቻ ይጻፋል።

የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ቃለ ጉባኤው ለመጽደቅ ለሚቀጥለው ስብሰባ መቆየት የለበትም፤ በዚያ ጊዜ የሰው ትዝታ ይደበዝዛል። የውሳኔ ነጥቦቹ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት በድምፅ ቢነበቡ በቂ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በምሳሌው ትምህርት ቤት ሲነበብ አንዲት እናት «እስከ የካቲት» የሚለው ቀን እንደሌለው አስተዋሉና «የካቲት 30» ተብሎ ታረመ። ከዚያ ኮፒው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተላከ፣ አንዱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ፣ ዋናው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀመጠ። ማንኛውም ወላጅ ያንን መዝገብ በሥራ ሰዓት ቀርቦ የማንበብ መብት አለው፤ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ ይጠይቀው።